ጫት ከሰውነት መቼ ይወጣል? የአንድ ፍለጋ ታሪክ

ከደምበጫ ተነስቶ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣ ሾፌር ጉንጩ ተወጥሮ ከታየ ምን እየቃመ እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥያቄው የሚመጣው ጉንጩ ባዶ ሲሆን ነው። ቅዳሜ በርጫ ላይ የዋለ ሰው ሰኞ ጠዋት መሪ ሲይዝ ጫቱ አሁንም በደሙ ውስጥ አለ? አደጋ ቢደርስና ሽንቱ ቢመረመር፣ የተገኘው ነገር የቅዳሜው ነው ወይስ የዚያን ጠዋት? ቃሚዎች ለዚህ የየራሳቸው መልስ አላቸው። አንዱ «ጨብሲ ከጠጣህ አለቀ» ይላል፣ ሌላው «ሳምንት ይቆያል» ይላል። ኬሚስቶች ግን ይህን ለመመለስ ከመድረሳቸው በፊት በራሱ በቅጠሉ ለዘጠና ዓመት ያህል ተታለዋል። የተታለሉበትም ምክንያት ዛሬ ደምን፣ ምራቅን፣ ሽንትንና ጸጉርን የሚያለያየው ያው ምክንያት ነው፦ የምትፈልገውን ነገር ማግኘትህ በምትፈልግበት ሰዓት ይወሰናል።

ጫት በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ አዲስ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መቀመጫ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን ያነሳል። ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ግን ፒተር ፎርስኮል የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ ነው። ፎርስኮል በ1763 በየመን ጉዞ ላይ እንዳለ በወባ ሞተ፣ ማስታወሻውንም ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ጫት ዛሬም ብዙ ጊዜ ከሳይንስ ስሙ ጋር የፎርስኮልን ስም ይዞ ይጠራል።

ከዚያ በኋላ ኬሚስቶቹ መጡ። በ1887 ፍሉኪገርና ጌሮክ ከቅጠሉ ውስጥ አንድ አልካሎይድ እንዳለ አሳዩና «ካቲን» አሉት። በ1930 ደግሞ ቮልፍስ ካቲን በኬሚካዊ አሠራሩ ምን እንደሆነ ለየ። ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ ሰውን የሚያነቃው፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ምግብ የሚያስጠላው እሱ ነው ተባለ። በ1941 ፎን ብሩክ የተባለ ተመራማሪ ግን ሒሳቡ አልገጠመለትም። በቅጠሉ ውስጥ የተገኘው የካቲን መጠን ቃሚው ላይ የሚታየውን ምርቃና ለማምጣት አይበቃም። ስለዚህ ወይ ቃሚው ያጋንናል፣ ወይ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ሌላ ነገር አለ።

ሌላ ነገር ነበረ። ለማግኘት ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ኮሚሽን የጫት ኬሚስትሪ እንደገና ይጠና አለ፣ በ1975ም የድርጅቱ የጄኔቫ ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ቁልፉ «ትኩስ» የሚለው ነው። የቀደሙት ሰዎች እጅ ላይ የነበረው ከዐረብና ከአፍሪካ በመርከብ ሄዶ፣ ደርቆ የደረሰ ቅጠል ነበር። ጫት ሲጠወልግና ሲደርቅ ደግሞ በውስጡ ያለው ካቲኖን ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። ኬሚስቶቹ ያገኙት ከወንጀሉ በኋላ የቀረውን ምስክር እንጂ ዋናውን ተከሳሽ አልነበረም።

ይህን አውሮፓ ያወቀው በ1975 ይሁን እንጂ ጫት ነጋዴው በተግባር ያውቀው ነበር። እስሩን በኮባ ቅጠል መጠቅለል፣ ውሃ መርጨት፣ ማልዶ ቆርጦ በዚያው ቀን ማድረስ፣ የጫት መኪና በዚያ ፍጥነት መብረሩ፣ ያደረ ጫት ዋጋው መውደቁ፣ ሁሉም ስሙ ሳይታወቅ ካቲኖንን ለማዳን የሚደረግ ሩጫ ነው። በኋላ በተደረገ ሰፊ ልኬት በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖን፣ 120 ሚሊግራም ካቲን እና 8 ሚሊግራም ኖርኤፌድሪን ተገኘ። ካቲን በመጠን ይበልጣል፣ ካቲኖን ግን በኃይል ይበልጣል። በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ ካቲኖን አንጎል ላይ የሚሠራበት መንገድ ከአምፌታሚን ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ደጋግሞ አሳየ። በ1986 ካቲኖን በዓለም አቀፉ የሳይኮትሮፒክ ስምምነት ሠንጠረዥ አንድ ውስጥ ሲገባ ካቲን በሠንጠረዥ ሦስት ተመደበ። ቅጠሉ ራሱ በስምምነቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

ከቅጠሉ በኋላ የሰው ሰውነት ተራ ደረሰ። በሰውነትም ውስጥ ያው ታሪክ ይደገማል። ካቲኖን ገብቶ በአጭር ጊዜ ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፣ ካቲንም እዚያው አለ። እንግዲህ መርማሪው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ቶሎ የሚጠፋውን ካቲኖንን፣ ቀስ ብሎ የሚወጣውን ካቲንን፣ እና ካቲኖን አልፎ እንደሄደ የሚያሳየውን ኖርኤፌድሪንን።

በ1994 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ጫት ቅመው የማያውቁ 6 በጎ ፈቃደኞችን አስቃመ። ካቲኖን በደማቸው ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው ከ2 ሰዓት ጥቂት ቆይቶ ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር 127 ናኖግራም ያህል። በ2003 ደግሞ ሽቴፋን ቶነስና ባልደረቦቹ በጀርመን 4 ሰዎችን በኪሎ ክብደታቸው 0.6 ግራም ቅጠል ለአንድ ሰዓት አስቃሙ። አላምጠው የተፉትን ቅሪት ሰብስበው ሲመረምሩ ከአልካሎይዱ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከቅጠሉ ወጥቶ ሄዷል። ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ ሆድ ከመድረሱ በፊት በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ነበር። ጉንጭን ወጥሮ መያዝ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ጫት የሚሠራበት መንገድ ነው።

ሁለቱ ጥናቶች ግን አንድ ትልቅ ነገር ላይ ተለያዩ። የካቲኖን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ በስዊዘርላንዱ 4 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በጀርመኑ 1 ሰዓት ተኩል ሆነ። ይህ ልዩነት በተግባር ምን ያህል እንደሚርቅ በአንድ ሰው ላይ እናስላው።

አንድ ሾፌር ፈረስ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቃመ እንበል። ደሙ ውስጥ ያለው ካቲኖን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ከፍተኛው ላይ ደረሰ፣ መጠኑም ያ 127 ናኖግራም ነው እንበል። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ መኪናውን ያስነሳል። በጀርመኑ ግማሽ ዕድሜ ብንሄድ መጠኑ ስምንት ጊዜ በግማሽ ተቆርጧል፤ የቀረው ግማሽ ናኖግራም ብቻ ነው፣ ብዙ መሣሪያ አያየውም። በስዊዘርላንዱ ብንሄድ ግን ሰባት እጅ ብቻ ነው የቀነሰው፣ 18 ናኖግራም ያህል አለ። አንዱ «ንጹሕ» ሲለው ሌላው «አለበት» ይለዋል። ጉበት፣ የሽንት ጠባይ፣ የቅጠሉ ትኩስነት፣ የተቃመው ብዛት፣ ሁሉም በመካከላቸው ይገባል። ደግሞም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጀርመኑ ሙከራ የቃመው 42 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ በርጫ ያሳለፈ ቃሚ ከዚያ እጥፍና ከእጥፍም በላይ ያኝካል። ስለዚህ በጥናቶቹ ላይ የተገኘው የሰዓት ቁጥር ለእኛ ቃሚ እንደ ዝቅተኛ ወለል ቢታይ ይሻላል።

ደም ለዚህ ነው የሚመረጠው፤ «አሁን በሰውየው ላይ እየሠራ ያለ ነገር አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ። ደም አንጎልን የሚነካውን ነገር ራሱን ይዟል፣ የትናንትናውን ቅሪት አይደለም። ዋጋው ደግሞ ውድ ነው፤ መርፌ ይፈልጋል፣ የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ ጊዜው አጭር ነው። በመንገድ አደጋ ምርመራ ውስጥ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። አደጋው ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ ደረሰ፣ የተጎዱት ቀድመው ይታከማሉ (ልክም ነው)፣ ሾፌሩ እስኪያዝ፣ እስኪጓጓዝ፣ ደሙ እስኪቀዳ አምስት ስድስት ሰዓት ያልፋል። በአጭሩ ግማሽ ዕድሜ ብንቆጥር በስድስት ሰዓት ውስጥ ካቲኖኑ ወደ አሥራ ስድስተኛው ወርዷል። ናሙና የተወሰደበት ሰዓት ያልተጻፈበት የደም ውጤት ስለ ሾፌሩ ምንም አይናገርም ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ደሙ ከተቀዳም በኋላ ነገሩ አያርፍም። ካቲኖን በቅጠሉ ውስጥ እንደሚፈርስ ሁሉ በብልቃጥም ውስጥ ይፈርሳል፣ በተለይ ሙቀት ካገኘ። ለዚህ ሲባል ናሙናው ሶዲየም ፍሎራይድ ባለበት፣ ክዳኑ ግራጫ በሆነ ቱቦ ይቀዳል፣ ወዲያው ወደ በረዶ ሳጥን ይገባል፣ ላቦራቶሪም ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ክዳኑ ቀይ በሆነ ተራ ቱቦ ተቀድቶ በመኪና ጋቢና ውስጥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ፀሐይ እየመታው የሄደ ደም «ካቲኖን አልተገኘበትም» ቢባል አልደነቅም። የሰውየው ንጽሕና ግን በዚያ አልተረጋገጠም።

ምራቅ በብዙ አገር የመንገድ ላይ ምርመራ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፖሊሱ ራሱ ሊወስደው ይችላል፣ መርፌ የለም፣ ሰውየውን ሽንት ቤት አስገብቶ መጠበቅ የለም፣ ጊዜውም ከደም ጋር ይቀራረባል። ለብዙ አነቃቂዎች ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያሳያል። አምፌታሚንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ከደም ይልቅ ትንሽ አሲዳማ በሆነው ምራቅ ውስጥ ይጠመዳሉ፣ ስለዚህ እዚያ ከደሙ በልጠው ይገኛሉ። ለጫት ግን ምራቅ የተለየ ችግር አለበት፤ መድኃኒቱ የተቀመጠው አፉ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ከተፋ ግማሽ ሰዓት ያልሞላው ሰው ምራቁ የሚያሳየው ከደሙ የመጣውን ሳይሆን ጥርሱ መካከል የቀረውን ነው። ቁጥሩ ግዙፍ ይሆናል፣ ትርጉሙ ግን «ቅሟል» ከሚለው አያልፍም። ሌላም ችግር አለ፤ የመቃም አፍ ደረቅ ነው፣ ሥፖንጁ እስኪርስ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፣ በቂ ምራቅ ሳይገኝ የተወሰደ ናሙናም የውሸት ንጹሕ ያወጣል።

ሽንት የአሠሪዎችና የስፖርት ምርመራ ነው። ቶነስና ካውርት በ2002 የእነዚያኑ ቃሚዎች ሽንት ለሦስት ቀን ያህል ተከታትለው ነበር። ካቲኖን ራሱ ሳይለወጥ የወጣው ከገባው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ቀን ገደማ ቆይቶ ጠፋ። ኖርኤፌድሪንና ካቲን ግን ወደ ሦስተኛው ቀን ዘለቁ። ይህ ለመርማሪው ጥሩ ዜና ይመስላል፣ መስኮቱ ሰፍቷል። የሰፋው መስኮት ግን ሌሎች ሰዎችንም ያስገባል።

ካቲን ከጫት ብቻ አይመጣም። ለጉንፋን የሚዋጠው ሱዶኤፌድሪን በሰውነት ውስጥ ጥቂቱ ወደ ካቲን ይለወጣል። ኖርኤፌድሪንም ለረጅም ዘመን በጉንፋን ክኒን ውስጥ ይገባ ነበር። ብርዷ በማይለቅ በፈረስ ቤት ዓይነት ደጋ ላይ የጉንፋን ክኒን የዋጠ ሰው በሽንቱ ካቲን ሊታይበት ይችላል፣ አንድም ቅጠል ሳይነካ። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ አንድ ስም አይቶ አይፈርድም፤ ሦስቱን አንድ ላይ ያነባል። ካቲኖን፣ ካቲንና ኖርኤፌድሪን በአንድነት ካሉ ጫት ነው። ካቲን ብቻ ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰውየው ምን መድኃኒት እንደወሰደ ነው።

ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። በየክሊኒኩ የሚገኘው የሽንት ስትሪፕ «አምፌታሚን» የሚል መስመር አለው፣ ነገር ግን የተሠራው አምፌታሚንን እንዲይዝ ነው። የጫት አልካሎይዶች በአንዳንዱ ስትሪፕ ላይ መስመር ያስነሳሉ፣ በሌላው አያስነሱም። ስለዚህ ስትሪፕ ንጹሕ ያለው ቃሚ ሊኖር ይችላል፣ ስትሪፕ የከሰሰው ቃሚም በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ካልተረጋገጠ በቀር ሥራውን ሊያጣ አይገባም። ሽንቱ ራሱ ትክክለኛ መሆኑም ይፈተሻል። በ4 ደቂቃ ውስጥ ሲለካ ሙቀቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ክሬያቲኒኑም በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም ካነሰ ሽንቱ በውሃ የቀጠነ ነው ተብሎ ይመዘገባል።

ሯጮቻችን ይህን ከማንም በላይ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ካቲን ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ሲያልፍ ይከለከላል። «በውድድር ጊዜ» የሚባለው ከውድድሩ ቀን በፊት ባለው ሌሊት ልክ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። በልምምድ ጊዜ መቃም አይከለከልም ብሎ የሚያስብ አትሌት የሚረሳው ሽንቱ የውድድሩን ቀን መቁጠሪያ እንደማያውቅ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት የቃመው ካቲን እስከ ውድድሩ ሊከተለው ይችላል።

ጸጉር ግን ከሁሉም ይለያል፤ ሰዓት ሳይሆን ወር ይቆጥራል። ጸጉር ውስጥ መድኃኒት እንደሚከማች በ1979 በሎስ አንጀለስ ቨርነር ባውምጋርትነርና ባልደረቦቹ በሄሮይን ተጠቃሚዎች ላይ አሳዩ። ጫት ላይ የተሞከረው ደግሞ በ2003 ነው፤ የበርሊን ተመራማሪዎች የየመን ቃሚዎችን ጸጉር ወስደው ካቲኖን፣ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ሦስቱንም አገኙ። በደም ውስጥ በሰዓታት የሚጠፋው ካቲኖን በጸጉር ውስጥ ተቀብሮ ለወራት ይቆያል። ቅጠሉ ላይ ሲደርቅ የሚጠፋው ነገር በደረቀ ጸጉር ላይ መትረፉ ያስገርመኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከራስ ቅል ኋላ ከፍ ብሎ ካለው ቦታ የእርሳስ ውፍረት ያህል ጸጉር ከቆዳው ጥግ ይቆረጣል፣ አይነቀልም። ሥሩ የቱ እንደሆነ በክር ታስሮ ወይም በወረቀት ላይ ተጽፎ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ሥሩ የቅርቡን ጫፉ የሩቁን ጊዜ ይናገራል። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፣ ስለዚህ 3 ሴንቲሜትር ሦስት ወር ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ከሆነች ሹሩባው ተፈትቶ የሥሩ አቅጣጫ ካልተጠበቀ ያ የወራት መቁጠሪያ ተገልብጦ ይነበባል። ከዚያ ጸጉሩ ይታጠባል፤ ላብ፣ ቅባት፣ ቅቤና ከውጭ የተነካካ የጫት ብናኝ ሁሉ እስኪወጣ። የእጥበቱም ፈሳሽ ራሱ ይመረመራል። ጫት የምታስር፣ የምትሸጥ፣ ግን የማትቅም ሴት ጸጉሯ በእጇ ብናኝ ቢነካካ ከቃሚ እኩል እንዳይፈረድባት ነው።

የጸጉር ትልቁ ድካም ግን ሌላ ነው፤ ጥቁር ጸጉር ብዙ ይይዛል። እነዚህ አልካሎይዶች ጸጉርን ከሚያጠቁረው ሜላኒን ጋር ይጣበቃሉ። አንድ ዓይነት መጠን የወሰዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ነጭ ጸጉር ሌላው ጥቁር ጸጉር ቢኖረው፣ ጥቁሩ ላይ የበለጠ ይገኛል። ስለዚህ የጸጉር ቁጥር «ይህን ያህል ቅሟል» አይልም። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የለሰለሰ ጸጉር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። የራሱን ጸጉር የተላጨ ሰው ላይ ከደረት ወይም ከእግር ጸጉር ሊወሰድ ይችላል፣ የወራቱ ቁጥር ግን እዚያ አይሠራም፤ የሰውነት ጸጉር አድጎ የሚቆምበት ጊዜ አለውና።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንመለስ። አሁን ደግሞ ቅዳሜ በ11 ሰዓት መቃም አቆመ፣ እሑድ መኪናውን ሳያስነሳ ዐረፈ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናው ተገለበጠ እንበል። ሠላሳ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወዲያው ደም ቢቀዳ ካቲኖን አይገኝበትም። ካቲኑም በአማካይ ግማሽ ዕድሜው 5 ሰዓት ያህል ስለሆነ ወደ ከፍተኛው መጠን ሁለት መቶኛ አካባቢ ወርዷል። ምራቁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ግን ካቲንና ኖርኤፌድሪን ያሳያል። ጸጉሩ ደግሞ የዚያን ቅዳሜ ምንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ያን ቀን በሥሩ የተገነባው ክፍል ገና ከቆዳው አልወጣም፤ ብቅ ለማለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሾፌሩ የዘወትር ቃሚ ከሆነ ጸጉሩ ያለፉትን ወራት ይናገርበታል፣ ስለ ሰኞ ጠዋት ግን አይናገርም።

ሽንቱን ብቻ ይዞ «ጫት ቅሞ ነድቷል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ደሙ ንጹሕ ነው ብሎ ጫቱን ከአደጋው ጨርሶ የሚለይ ሰውም ሌላ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ከምርቃናው በኋላ የሚመጣ ሌላ ጊዜ አለ፤ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ፣ ሀራራው የያዘው፣ ዓይኑ የከበደ ሾፌር። ያን ጊዜ ካቲኖን እየወረደ ነው ወይም ወርዶ ጨርሷል፣ አደጋው ግን ቅርብ ነው። በጀርመን በጫት ተጠርጥረው የተያዙ አሽከርካሪዎችን ቶነስና ካውርት በ2004 ሲያጠኑ የአልካሎይዱ መጠንና በሾፌሩ ላይ የታየው የመንዳት ድክመት በቀጥታ አልተያያዙም። ለአልኮል «ከዚህ በላይ» ብሎ መስመር ማስመር ይቻላል፤ ለጫት ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ላይ የተደረሰበት የደም ቁጥር የለም። ስለዚህ የላቦራቶሪው ወረቀት ሾፌሩን ያየው ሰው ምስክርነት አይተካም። አካሄዱ፣ ንግግሩ፣ ዓይኑ፣ የመንገዱ አሻራ፣ ሁሉም አብሮ መጻፍ አለበት።

ለሌሎች ነገሮች መስኮቶቹ ይለያያሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ዐረቄ የጠጣ ሰው አልኮሉ ከደሙና ከትንፋሹ በሰዓታት ይወጣል፤ ጉበት አልኮልን ሲያስወግድ የሚሠራው ኢቲል ግሉኩሮናይድ ግን በሽንት እስከ ሁለት ሦስት ቀን፣ በጸጉርም ለወራት ይታያል። ሐሺሽ ደግሞ በስብ ውስጥ ስለሚደበቅ የዘወትር አጫሽን ሽንት ካቆመም በኋላ ለሳምንታት ይከሰዋል።

ሥራ ልትገቡ፣ ውጭ አገር ልትሄዱ ወይም በፍርድ ቤት ጉዳይ ናሙና ስትጠየቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ናሙናው በስንት ሰዓት ተወሰደ፣ የስትሪፑ ውጤት በማስ ስፔክትሮሜትሪ ተረጋግጧል ወይ፣ የወሰዳችሁትስ የጉንፋን መድኃኒት በቅጹ ላይ ተጽፏል? ናሙናው በሁለት ብልቃጥ ተከፍሎ አንዱ ታሽጎ እንዲቀመጥም አሳስቡ፣ ውጤቱን ብትቃወሙ ዳግም የሚመረመረው እሱ ነውና።